ለአፀደ ሕፃናት ምረቃ አጭር ንግግር፦ አንድ ቦርሳ፣ ሦስት አድማጭ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ አፀደ ሕፃናት አስተምራለሁ። ሰኔ ሲገባ የምረቃ ንግግር የሚጻፈው፣ ወይም የተጻፈው የሚታየው፣ እኔ ዘንድ ነው። ማንም አልሾመኝም። አንድ ጊዜ ጻፍኩ፣ በዚያው ቀረ። ባለፈው ሰኔ ደግሞ ከሌላ ትምህርት ቤት አንዲት ወጣት መምህርት «እትዬ፣ እስኪ ይህን እዪልኝ» ብላ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ንግግሩን አብረን ሠራነው። እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ። ዘንድሮ ተራው የደረሳችሁ ሰው ካላችሁ፣ ሙሉውን ጽሑፍ ከታች አስቀምጬዋለሁ። የሚጠቅማችሁን ወስዳችሁ ቀይሩት።

ይዛው የመጣችው ወረቀት እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ክቡራን ተጋባዥ እንግዶች፣ የተከበራችሁ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ ውድ ወላጆች፣ ውድ መምህራንና ውድ ተመራቂ ሕፃናት፣ በቅድሚያ እንኳን ለዚህ ታላቅና ታሪካዊ ቀን በሰላም አደረሳችሁ…» አማርኛው ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን ሕፃናቱ የተጠሩት መጨረሻ ላይ ነው። ስማቸው እስኪደርስ ግማሾቹ የቆባቸውን ክር እየጎተቱ ነው። አንዱ ጋውኑን አንሥቶ ከውስጥ የለበሰውን ለጎረቤቱ ያሳያል። ቀጥሎ ደግሞ «የነገ አገር ተረካቢዎች» ይላል። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ተረክቦ ያውቃል? ከጓደኛው ኳስ ተረክቦ ሊሆን ይችላል። እሱንም በልቅሶ።

ችግሩ ግልጽ ነው። ንግግሩ አንድ ነው፣ አድማጩ ሦስት ነው። ለልጆች ብቻ ከተጻፈ ወላጅ ስልኩን ያወጣል። ለወላጅ ብቻ ከተጻፈ ልጆቹ ይረብሻሉ። ያኔ ሞግዚቶቹ «እሽ! እሽ!» ማለት ይጀምራሉ፣ ከንግግሩ ይልቅ የሚሰማው «እሽ» ይሆናል። ብዙ ሰው ለእያንዳንዱ አድማጭ አንድ አንድ አንቀጽ ጽፎ ይቀጥለዋል። ያኔ ሦስት ንግግር ይሆናል፣ ሁለት ሦስተኛው ጊዜ ለአብዛኛው ሰው ባዶ ነው።

እኔ የማደርገው ሦስቱም በእጃቸው የሚነኩትን አንድ ዕቃ መፈለግ ነው። ልጁ የሚያውቀው፣ ወላጅ የሚያውቀው፣ መምህር የሚያውቀው። ንግግሩ ሁሉ በዚያ ዕቃ ዙሪያ ይሄዳል። ለልጁ ሲነገር ወላጅ ይስቃል፣ ለወላጅ ሲነገር መምህሩ ራሱን ይነቀንቃል።

ወጣቷን መምህርት «ልጆችሽ ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ የምትነኪው ምንድን ነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቦርሳቸውን» አለች። «ዚፑን ክፈችልኝ ይሉኛላ።» በቃ፣ ተገኘ። ቦርሳውን የሚያዘጋጀው ወላጅ ነው፣ የሚሸከመው ልጁ ነው፣ የሚከፍተው መምህር ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ ስለ ቦርሳ የምናውቀውን ሁሉ ጻፍን። ቅያሪ ልብስ። የዳቦ ፍርፋሪ። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ሄዶ ማታ ቁራጭ ሆኖ የሚመለስ እርሳስ። የሌላ ልጅ ሹራብ። ወላጅና መምህር የሚጻጻፉበት ደብተር፣ ገጹ ላይ የወጥ ጠብታ ያለበት። አንድ ልጅ ከመንገድ እየለቀመ የሚሞላው ጠጠር። ንግግሩ ከዚህ ዝርዝር ወጣ። ሁሉም ግን አልገባም።

ዕቃው የግድ ቦርሳ መሆን የለበትም። ሸርተቴም ሊሆን ይችላል፣ የግቢው በርም፣ እጅ የሚታጠቡበት ጀሪካንም። ብቻ ሦስቱም አድማጮች ባያዩት እንኳ የሚያውቁት ይሁን። «ዕውቀት»፣ «ተስፋ»፣ «ብርሃን» ዕቃ አይደሉም። የአምስት ዓመት ልጅ እነዚህን ሲሰማ ዓይኑ ወደ ፊኛው ይሄዳል።

አሁን ሙሉው ጽሑፍ። በቅንፍ ያለው ልጆቹ የሚመልሱት ነው።

ልጆች! ደህና አደራችሁ?
(ደህና!)
እንቆቅልሽ!
(ምን አውቅልሽ!)
አፍ አለው፣ አይናገርም። ሆድ አለው፣ አይርበውም። እግር የለውም፣ ግን በየቀኑ ትምህርት ቤት ይመጣል። ምንድን ነው?
(ቦርሳ!)
ጎበዞች! ቦርሳ ነው።
መጀመሪያ ስትመጡ ቦርሳችሁ ትልቅ ነበር። እናንተ ትንንሽ ነበራችሁ። ከኋላ ስናያችሁ ቦርሳ ብቻውን የሚሄድ ይመስለን ነበር።
ያኔ ዚፑን መክፈት አትችሉም ነበር። «ቲቸር፣ ክፈችልኝ» ትሉ ነበር። አሁን ማን ነው የሚከፍተው?
(እኔ!)
ያኔ ደብተራችሁ ላይ ስማችሁን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። አሁን ማን ነው የሚጽፈው?
(እኔ!)
ያኔ ዳቦ ስትይዙ ደብቃችሁ ትበሉ ነበር። አሁን ጓደኛችሁ ምሳውን ረስቶ ሲመጣ ማን ነው የሚያካፍለው?
(እኔ!)
መስከረም ላይ ቦርሳችሁን ይዛችሁ አንደኛ ክፍል ትገባላችሁ። እዚያ አዲስ ቲቸር ይጠብቃችኋል። ሽንት ሲመጣባችሁ እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ። ቲቸር አይቆጣም። እጃችሁን እንዴት ነው የምታወጡት? አሳዩኝ! ጎበዞች።

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ። ይህን ቦርሳ ማታ ማታ የምትፈትሹት እናንተ ናችሁ። ጠዋት ሙሉ እርሳስ ልካችሁ ማታ ቁራጭ ተመልሶላችኋል። የልጃችሁን ሹራብ ልካችሁ የሰው ሹራብ መጥቶላችኋል። ያንን ሹራብ አጥባችሁ፣ አጥፋችሁ ስትመልሱ አይተናል። በጭቃው ወራት ቦርሳውን በእጅ፣ ልጁን በጀርባ ይዛችሁ ስትመጡም አይተናል። እናመሰግናለን።
አንድ ነገር ብቻ እንለምናችሁ። ልጁ ከአንደኛ ክፍል ሲመለስ፣ ቦርሳውን ከመክፈታችሁ በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?» በሉት። ደብተሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መምህራን፣ ሞግዚቶች፣ በር ላይ የምትቀበሉን ጋሼ። ካልሲ ወድቆ ስታገኙ የማን እንደሆነ ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። ማን ዳቦውን እንደማይጨርስ፣ ማን ሰኞ ሰኞ እንደሚያለቅስ ታውቃላችሁ። ይህ በሰርተፊኬቱ ላይ አይጻፍም፣ እኛ ግን እናውቀዋለን።
ልጆች፣ ተነሡ! ወደ ኋላ ዙሩ። ቲቸሮቻችሁ ታዩአችሁ? በሉ ተከተሉኝ። ቲቸር!
(ቲቸር!)
እናመሰግናለን!
(እናመሰግናለን!)
አሁን ተቀመጡ። አንዲት አያት ይመርቁናል። እሳቸው ሲናገሩ እኛ «አሜን» እንላለን።

ይኸው ነው። አያቲቱ «እደጉ!» አሉ፣ «አሜን»። «ተመንደጉ!» «አሜን»። «ክፉ አይንካችሁ!» «አሜን»። እሳቸው የራሳቸውንም ጨመሩበት፣ ማን ይከለክላል።

አሁን ለምን እንዲህ እንደሆነ ልግለጽ። ከልጆቹ የጀመርነው ለመቀመጥ ያላቸው ትዕግሥት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ነው። ጋውን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ የወላጁን ፊት በሩቅ እያየ የተቀመጠ ልጅ ብዙ አይቆይም። እነሱ መጀመሪያ ከተጫወቱ በኋላ የወላጆቹን ክፍል በሰላም ያሳልፉታል። ከዚያ የመምህራኑ ክፍል ላይ እንደገና እናስነሣቸዋለን። መነሣቱና መዞሩ ለምስጋና ብቻ አይደለም። እግራቸውን ያፍታታል። ያለዚያ በዚያው ሰዓት በራሳቸው ተነሥተው ይሄዳሉ።

እንቆቅልሹን ራሳችን ነው የፈጠርነው፣ አካሄዱ ግን ልጆቹ ከቤት የሚያውቁት ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል መልሱ ምን እንደሆነ የማያውቅ የጎጃም ልጅ አላጋጠመኝም። ማስተማር የለባችሁም፣ ሳታስቡት ይመልሳሉ። ወላጆቹም አብረው ይመልሳሉ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ የሚናገረው እዚህ ጋ ነው። ባያውቁት ምን ይደረጋል? ይህንንም አዘጋጅተን ነበር። ጨዋታው ራሱ መውጫ አለው፣ «አገር ስጡኝ» ማለት ነው። ባለፈው ሰኔ አንዱ «ጆንያ!» ብሎ ጮኸ፣ ሌላው «በሬ!» አለ። በሬ እንኳ እግር አለው፣ ግን ተውነው። መምህርቷ «አላወቃችሁም፣ አገር ስጡኝ» ስትል አንዲት ልጅ «ማርቆስን!» ብላ ሰጠች። ወላጁ ሁሉ ሳቀ። «ማርቆስን አግኝቼ ምን አጥቼ! ቦርሳ ነው» አለችና ቀጠለች። ከተማው በእጇ ገባ፣ ንግግሩም አልቆመም።

ልጆቹን የምትጠይቁት ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል ብቻ ይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በየምረቃው ስለሚነሣ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻሉ። ዶክተር፣ ፓይለት፣ ሹፌር፣ ወታደር። ማንም ማንንም አይሰማም። ያልተሰማው ልጅ ደግሞ እስኪሰማ ድረስ ይደግመዋል። ከዚያ በኋላ ዝም ማሰኘት የሚችል ሰው አላየሁም። «አሁን ማን ነው የሚከፍተው?» ሲባል ግን መልሱ «እኔ» ነው። አንድ ላይ ይጀምራል፣ አንድ ላይ ያልቃል። ሦስት ጊዜ መደጋገሙም ይጠቅማል። መጀመሪያ ላይ ጥቂቶች ይመልሳሉ፣ በሦስተኛው ሁሉም።

የሽንቱን ነገር አንዳንድ ሰው ይቃወማል። «በምረቃ ቀን ይህ ይባላል እንዴ?» ይላሉ። ይባላል። ከአፀደ ሕፃናት ወደ አንደኛ ክፍል የሚሄድ ልጅ ከፊደሉ በላይ የሚያስፈራው ይህ ነው። እኛ ጋ ሞግዚት አለች፣ ፊቱን አይታ ታውቅለታለች። አንደኛ ክፍል ሞግዚት የለም፣ ልጁም ብዙ ነው። አፍሮ ዝም ይላል፣ ከዚያ ያመልጠዋል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል። ወላጆቹም ሲሰሙት ቤት ውስጥ ይደግሙታል። ለልጅ ስለ መጪው ዓመት አንድ ነገር ብቻ የምትነግሩት ከሆነ፣ በእጁ ሊያደርገው የሚችለውን ንገሩት።

ስም መጥራት ሌላው ነው። መምህርቷ የመጀመሪያ ረቂቋ ላይ የሦስት ልጆችን ስም ጠርታ አመስግና ነበር። አወጣነው። ወይ ሁሉንም ጥሩ፣ ወይ ማንንም አትጥሩ። ስሙ ያልተጠራ ልጅ ለእናቱ ምን እንደሚላት አስቡት። ሁሉም ስም ሰርተፊኬት ሲሰጥ ይጠራል፣ ይበቃል። በንግግሩ ውስጥ ሥራው ይነገር፣ ስሙ ይቅር። «ማን ሰኞ ሰኞ እንደሚያለቅስ» ሲባል እናትየዋ የራሷ ልጅ መሆኑን ታውቃለች፣ ሌላው ሰው አያውቅም። ታሪኩ ግን ሲሰማ የሚያሳፍር አይሁን። ልብሱ ላይ ያመለጠው፣ የተናከሰው፣ የሰው ዕቃ የወሰደው፣ ስሙ ባይጠራም ልጆቹ ራሳቸው ጣታቸውን ቀስረው ያሳዩታል። ልጅ ምሥጢር አይጠብቅም።

«እናቶች፣ አባቶች» ብለን ሳናቆም «አያቶች፣ ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ» ያልነው በየክፍሉ ስላሉን ልጆች ብለን ነው። በእኛ አካባቢ አያት ያሳደገቻቸው፣ አክስት ዘንድ ያሉ፣ አባታቸው ሥራ ፍለጋ ርቆ የሄደ፣ ወይም በሕይወት የሌለ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ያሳለፍነው ጊዜ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ንግግር አድራጊው ከመጻፉ በፊት የክፍሉን መምህርት ይህን ብቻ ይጠይቅ፤ ማን ይመጣል፣ ማን አይመጣም? ምርቃቱንም ለአያት የሰጠነው በዚሁ ምክንያት ነው። አባትና እናት የሌሉት ልጅ አያቱን መድረክ ላይ ሲያያት እሷ የሁሉም አያት ሆና ነው።

ለወላጅ አንድ ልመና ብቻ። ረቂቁ ላይ አምስት ነበሩ። ክትትል አድርጉ፣ ቴሌቪዥን ቀንሱ፣ መጽሐፍ ግዙ፣ ክፍያ በወቅቱ ክፈሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቀድማችሁ አስመዝግቡ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ርእሰ መምህሩ ነበር ያስጨመሩት። እኔ በዚህ አልስማማም። የልጁን ቆብ አይቶ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ወላጅ ፊት ስለ ክፍያ ማውራት ደግ አይደለም። ለዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። መምህርቷ በትሕትና «ጋሼ፣ በሩ ላይ ብንለጥፈውስ?» አለቻቸው፣ እሺ አሉ። በአምስቱ ፋንታ ያስገባነው አንዱ ልመና ስለ ደረጃ ነው፣ ቃሉን ግን አላነሣነውም። አንደኛ ክፍል ሲገባ የሁሉም ቤት ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። «አትጠይቁ» ብንል ማንም አይሰማንም። የሚጠይቁትን ሌላ ጥያቄ ሰጠናቸው። መስከረም ላይ አንድ አባት መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ከማን ጋር ተጫወትክ ብለው ከማንም አለኝ፣ እንዲያው ጭንቅ አለኝ» አለኝ። ይህን ማወቁ ከደረጃው ይሻለዋል። ወደ መምህሩ ሄዶ አነጋገረ።

አሁን ስለ ርዝመቱ። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው። በዝግታ፣ በልጆች ፊት ሲነገር በደቂቃ 80 ወይም 90 ቃል ቢሄድ ነው። ከላይ ያለው ጽሑፍ ከልጆቹ መልስና ከሳቁ ጋር አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚህ አታስረዝሙት። በእጅ ተጽፎ ከአንድ ገጽ ተኩል ካለፈ ቁረጡ። የሚቆረጠው መጀመሪያ ሁልጊዜ ሰላምታው ነው። እንግዶቹን በማዕረጋቸው መጥራት የመድረክ መሪው ሥራ ነው። እሱ አንዴ ከጠራቸው እናንተ መድገም የለባችሁም። ይህን ቀድማችሁ ከመድረክ መሪው ጋር ተነጋገሩ፣ ያለዚያ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው እንግዳ ቅር ይለዋል።

አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ንግግሩ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ይፈልጋል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ መዝሙር ያቅርቡ፣ ደስ ይላል። ንግግሩ ግን ከገጠር ለመጣችው አያትም ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀምጣ አንድም ቃል ሳትሰማ እንድትሄድ አናድርግ።

ሰዓቱን ደግሞ አስቡበት። ማርቆስ ላይ ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣው። አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ዝናብ ሲጀምር ድምፅ ማጉያውም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሩ። «አበሻ አይደለን፣ አራት ሰዓት ይደርሳል» የምትሉ ከሆነ ጥሪው ላይ ሁለት ተኩል ብላችሁ ጻፉ። ንግግሩ ከልጆቹ መዝሙር በኋላ፣ ከሰርተፊኬቱ በፊት ይግባ። ከሰርተፊኬቱ በኋላ ከሆነ አለቀ። ልጁ ወደ እናቱ ሮጧል፣ እናትየው ፎቶ ላይ ናት፣ ፎቶ አንሺው «እዚህ እዩ» እያለ ነው። ኬኩም ንግግሩ ሳያልቅ አይቆረስ። በነገራችን ላይ ጊዜው የሰኔ ጾም ነውና የጾም ኬክ እዘዙ፣ የሚጾም ወላጅ ብዙ ነው።

መለማመዱ ቀላል ነው። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ፈልጉ፣ የጎረቤትም ይሁን። ፊቱ ቁጭ ብላችሁ የልጆቹን ክፍል አንብቡለት። ዓይኑ ከእናንተ የሚነሣበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። እዚያ ጋ ወይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ወይ ቃሉን አያውቀውም። ከወጣቷ መምህርት ጋር ስንለማመድ የጎረቤቴ ልጅ «ተመራቂ» ሲባል «ተመራቂ ምንድን ነው?» አለን። ከልጆቹ ክፍል አወጣነው። «ልጆች» ይበቃል።

ሲነገር ወረቀት መያዝ ነውር አይደለም፣ ስልክ ላይ ማንበብ ግን አይሆንም። ስልኩ ይደወላል፣ ይጠፋል፣ ፊታችሁንም ወደ ታች ይጎትተዋል። በትልቁ በእጅ ጻፉት፣ ልጆቹ የሚመልሱበትን ቦታ በቀይ አስምሩ፣ እዚያ ጋ ቆማችሁ እንድትጠብቁ። ብዙ ሰው ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ይቀጥላል። ልጆቹ አንዴ ከተዘለሉ ሁለተኛ አይመልሱም። የልጆቹን ክፍል ስትናገሩ ከመድረኩ ውረዱ፣ ጎንበስ በሉ ወይም ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለወላጆቹ ሲሆን ተነሡ። ሕፃናቱ «አሁን ለትልልቆቹ ነው» የሚለውን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ጫጫታ ቢነሣ ድምፃችሁን አትጨምሩ። ቀንሱ። ወይም «እጅ ወደ ላይ! እጅ ወደ ታች! እጅ አፍ ላይ!» በሉ፣ በየቀኑ ክፍል ውስጥ የሚያደርጉት ነው። የሚያለቅስ ልጅ ካለ ሞግዚቷ ትውሰደው፣ እናንተ አትቁሙ።

መብራት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሕፃናቱ ከፊት፣ ከምንጣፍ ላይ ወይም ከአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ወላጆቹም ቀረብ ይበሉ። ያለ ድምፅ ማጉያ የሚሰማችሁ እስከ ስንተኛው ረድፍ እንደሆነ ከዋዜማው አንድ ሰው ከኋላ አስቁማችሁ ሞክሩት።

ዝናቡም ጠዋት ከመጣ፣ ቆርቆሮው መጮህ ከጀመረ፣ አምስቱን ደቂቃ አትሞክሩት። ለመምህርቷ ከወረቀቱ ጀርባ አጭሩን ጽፌላት ነበር፦ እንቆቅልሹ፣ «አሁን ማን ነው የሚከፍተው?» አንዴ ብቻ፣ ለወላጆች «እናመሰግናለን፣ ከደብተሩ በፊት ከማን ጋር ተጫወትክ በሉት»፣ ልጆቹ ዞረው «ቲቸር እናመሰግናለን»፣ ከዚያ ምርቃቱ። አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። የቀረውን ለወላጆች ከሰርተፊኬቱ ጋር በወረቀት አባዝታችሁ በየልጁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።